በወረቀት የሄደ፣ በአፍ አይመለስም

እትዬ ወደ ቢሮዬ የመጡት ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። ጅማ መርካቶ ውስጥ በርበሬና ቅመማ ቅመም የሚሸጡ፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው። የያዙት የላስቲክ ቦርሳ ውስጥ አራት ጊዜ የታጠፈ የውል ወረቀትና የፍርድ ግልባጭ አለ። «ልጄ፣ ወረቀቱ በእጄ እያለ ተረታሁ፤ እንዴት ነው ነገሩ?» አሉኝ።

የጠበቃን ምስጢር ለመጠበቅ የባለጉዳዮቹን ማንነትና አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይሬአለሁ፤ የክርክሩ አጥንት ግን ያው ነው። እትዬ በመስከረም 2014 ዓ.ም. ለአንድ እሸት ቡና ሰብሳቢ 240,000 ብር አበድረዋል። ውሉ በጽሑፍ ነው፤ ተበዳሪውና ሁለት ምስክሮች ፈርመውበታል፤ የመመለሻው ቀን ጥር 30 ነው። ሰውየው ሳይከፍል ሲቀር ከሰሱት። ተከሳሹ ፊርማው የእሱ መሆኑን አልካደም። መልሱ «ከፍያለሁ» የሚል ነበር፦ 60,000 ብር በባንክ፣ 180,000 ብር ደግሞ በጥሬ ገንዘብ፣ በሱቃቸው ውስጥ፣ ሰው እያየ። ለባንኩ ክፍያ ደረሰኝ አቀረበ፤ ለጥሬ ገንዘቡ ሦስት ምስክሮች አቆመ። የሥር ፍርድ ቤት ምስክሮቹን ሰምቶ፣ ሰነዱ መበደሩን እንጂ አለመከፈሉን አያሳይም፣ ከሳሽም ገንዘቡ እንዳልተመለሰላቸው አላስረዱም በማለት ክሱን ውድቅ አደረገ።

መጀመሪያ ያየሁት ቀኑን ነው። ፍርዱ የተሰጠው ኅዳር 11 ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 323 መሠረት ይግባኝ የሚቀርበው ፍርዱ ከተሰጠ ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ነው። እትዬ ሲመጡ 41 ቀን አልፏል። ስልሳኛው ቀን ጥር 11፣ ጥምቀት ላይ ይውላል። የመጨረሻው ቀን በዓል ሲሆን ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይዞራል ብዬ መከራከር እችል ነበር፤ ነገር ግን መከራከሪያ የማያስፈልገው ቀን እያለ ምን አስጨነቀኝ? ጥር 8ን ለራሴ የመጨረሻ ቀን አድርጌ ያዝኩ። በማግሥቱ የመጀመሪያው ሥራዬ የፍርዱን ብቻ ሳይሆን የመዝገቡን ሙሉ ግልባጭ መጠየቅ ነበር።

የመጀመሪያው ረቂቄ አሥራ አንድ ገጽ ነበር፤ መጥፎም ነበር። አራቱ ገጾች ምስክሮቹን የሚያብጠለጥሉ ናቸው፦ አንዱ ገንዘቡ ጠዋት ተከፈለ አለ፣ ሌላው ከምሳ በኋላ ነው አለ፣ ሦስተኛው የተከሳሹ የአክስት ልጅ ነው። ከዚያ «የሥር ፍርድ ቤት ማስረጃን በአግባቡ ሳይመዝን» የሚለው፣ በየይግባኙ ላይ እንደ ሰላምታ የሚቀመጠው ዐረፍተ ነገር ይከተላል። ሌሊት ላይ ደግሜ ሳነበው የይግባኝ ዳኛውን ጥያቄ ራሴ ሰማሁት፦ «ምስክሮቹን ፊት ለፊት ያየው የሥር ዳኛ ነው፤ እኔ በወረቀት ላይ አንብቤ ለምን ከእሱ የተሻለ አምናለሁ ወይም አላምንም እላለሁ?» ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም።

የምዘና ስሕተት ሁለት ዓይነት እንደሆነ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። አንደኛው ዳኛው ከሁለት ሊታመኑ ከሚችሉ ማስረጃዎች አንዱን መምረጡ ነው፤ ይህን ይግባኝ ላይ ማስለወጥ ከባድ ነው። ሁለተኛው ሕጉ ራሱ ሚዛኑን አስቀድሞ አስቀምጦ እያለ ዳኛው በራሱ ሚዛን መመዘኑ ነው። የእኛ ጉዳይ ሁለተኛው ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ወይም ፍርድ ቤት ፊት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም ይላል። አብዛኛው ሰው፣ ጠበቃም ጭምር፣ እዚህ ላይ ያቆማል። ንዑስ ቁጥር 3 ግን ይህንኑ ደንብ ወደ ብድሩ መመለስ ያሻግረዋል። ስለዚህ 180,000 ብር መመለሱ በሦስት ቀርቶ በሠላሳ ምስክርም አይረጋገጥም። የምስክሮቹ ጠዋትና ከሰዓት መጣላት ቁም ነገር አይደለም፤ ቁም ነገሩ መጀመሪያውኑ በዚህ ጭብጥ ላይ መሰማት አልነበረባቸውም የሚለው ነው።

ነገር ግን አንድ ሥጋት ቀረ። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 329 መሠረት በሥር ፍርድ ቤት ያልተነሣ ክርክር በይግባኝ አዲስ ሆኖ አይነሣም። እትዬ የተከራከሩት ያለ ጠበቃ ነው። ምስክር እንዳይሰማ ተቃውመው ነበር? ስጠይቃቸው «እኔ ብዙ ነገር ተናግሬአለሁ፤ ማን ሰማኝ» ከማለት በቀር አያስታውሱም።

መዝገቡ የተጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ በክልሉ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋው እሱ ነውና። እትዬ የተናገሩት በአማርኛ፣ በአስተርጓሚ በኩል ነው። ግልባጩን ገጽ በገጽ ሳነብ ሰባተኛው ገጽ ግርጌ ላይ፣ የመጀመሪያው ምስክር ቃለ መሐላ ከመፈጸሙ በፊት፣ አንድ መስመር ተኩል አገኘሁ። ከሳሽ ገንዘቡ በጽሑፍ የተሰጠ ስለሆነ መመለሱን ምስክር ሊናገር አይገባም ማለታቸውን ጸሐፊው መዝግቦታል። በማግሥቱ ለእትዬ አነበብኩላቸው። ሳቁ። «አዎ፣ ‹በወረቀት የሄደ፣ በአፍ አይመለስም› ነው ያልኳቸው» አሉ። ሕጉን አንድም ቀን ሳያነቡ ንዑስ ቁጥር 3ን ተናግረውታል። ፍርዱ ውስጥ ግን ይህ ተቃውሞ አልተጠቀሰም፤ ለምን እንዳልተቀበለውም ፍርድ ቤቱ አልገለጸም። የይግባኙ የመጀመሪያ ነጥብ በገጹ ቁጥርና በዚህ መስመር እንዲጀምር አደረግሁ።

ሁለተኛው ነጥብ የማስረዳት ሸክም ነው። ፍርዱ «ከሳሽ አለመከፈላቸውን አላስረዱም» ይላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2001 ግን ግዴታ አለ የሚል ሰው መኖሩን፣ ግዴታው ቀርቷል የሚል ደግሞ መቅረቱን እንዲያስረዳ ነው የሚያዝዘው። እትዬ ውሉን አቀረቡ፤ በቁጥር 2005 መሠረት በፈራሚዎቹ መካከል ስለያዘው ቃልና ስለ ቀኑ እምነት የሚጣልበት ሰነድ ነው። ከዚያ በኋላ ሸክሙ ተሻግሯል። ደግሞም የውሉ ዋና ቅጂ በእትዬ እጅ ነው። ከፍሎ የጨረሰ ባለዕዳ ደረሰኝ መጠየቅ፣ የዕዳ ሰነዱንም መቀበል ይችላል። ይህን ሁሉ በአንድ አንቀጽ ጨረስኩት።

ከእትዬ ጋር የተጋጨነው በባንክ ደረሰኙ ላይ ነው። 60,000 ብር፣ ከተከሳሹ ወደ እሳቸው ሒሳብ፣ ከውሉ በኋላ፤ ምክንያቱ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። «እሱ የቅመም ዋጋ ነው» አሉኝ። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የቅመም ሽያጭ መኖሩን የሚያሳይ አንድ ወረቀት የለም፤ በሥር ፍርድ ቤትም ይህን አልተናገሩም። «እትዬ፣ እኛ ወረቀት ይበልጣል እያልን ነው የምንከራከረው፤ የእሱን ወረቀት ከናቅን የእኛንም ንቀነዋል ማለት ነው» አልኳቸው። ሁለት ቀን አኮረፉኝ። በመጨረሻ የጠየቅነው 180,000 ብርና ሕጋዊ ወለዱን ብቻ ነው፤ የ60,000ውን ክፍያ እንደምንቀበል በማመልከቻው ላይ በግልጽ ጻፍን። ከተማርኳቸው ነገሮች ይህን ደጋግሜ ተጠቅሜበታለሁ።

ያጠፋሁትም አለ። ጥር 8 ቀን ያስገባሁት ማመልከቻ ወደ ሦስት ገጽ ወርዶ ነበር፤ ሆኖም አንጀቴ አልቆርጥ ብሎ የምስክሮቹን መጋጨት «በአማራጭ» ብዬ አራተኛ ነጥብ አድርጌ ተውኩት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መልስ ሰጪውን ጠርቶ ሲያከራክረን፣ ዳኛው ገና ከመነሻው ወደዚያ ነጥብ ሄዱ፦ «ምስክሮቹ ስለ ሰዓቱ እንጂ ስለ ክፍያው አልተጋጩም፤ ታዲያ ቅሬታህ ምንድን ነው?» ደካማው ነጥብ ጠንካራውን ሸፈነው። ከዚያ ጎትቼ ወደ ንዑስ ቁጥር 3 ለመመለስ የተሰጠኝን ጊዜ ግማሽ ፈጀሁ። አማራጩን እንደማልገፋበት ተናግሬ ስተወው ነው አየሩ የጠራው።

የመልስ ሰጪው ጠበቃ ጎበዝ ነበር። ሁለት በሮች ሞከረ። ደረሰኝ ተጽፎ ጠፍቶ ነበር ለማለት ዳር ዳር አለ፤ በቁጥር 2003 ሰነዱ መጥፋቱ፣ መሰረቁ ወይም መበላሸቱ ከተረጋገጠ ምስክር ሊሰማ ስለሚችል ይህ በር እውነተኛ በር ነው። ግን ደንበኛው በመከላከያ መልሱ ላይ ደረሰኝ የሚባል ነገር አልጠቀሰም፤ ምስክሮቹም ወረቀት ሲጻፍ አየን አላሉም። ሁለተኛው በር መሐላ ነው፦ እትዬ እንዳልተከፈላቸው ይማሉ አለ። ይህን ስፈራው ነበር፤ በሕጉ የቀረችው የባለዕዳ መንገድ እሷ ናትና። እትዬን አስቀድሜ ስጠይቃቸው «ዛሬ በሉኝ፣ ዛሬ እምላለሁ» ብለውኛል። ፍርድ ቤቱ ግን ጥያቄው በሥር ፍርድ ቤት ያልቀረበ መሆኑን መዝግቦ አለፈው። ቁጥር 329 ለእኛ የተሳለ ቢላ መስሎኝ ነበር፤ የቆረጠው እሱን ሆነ።

ተከሳሹ ፊርማውን ክዶ ቢሆን፣ ወይም በማታለል አስፈረሙኝ ብሎ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ክርክር ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ያኔ ፊርማው በባለሙያ ይመረመራል፤ ስለ ማታለሉም ምስክር መሰማቱ አይቀርም። እኛን የረዳን ፊርማውን አምኖ መከራከሩ ነው።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የሥሩን ፍርድ በማሻሻል 180,000 ብር ክሱ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ከሚታሰብ 9 በመቶ ወለድ ጋር እንዲከፈል ወሰነ። ስለ ምስክሮቹ ተአማኒነት አንድም ቃል አልጻፈም፤ አላስፈለገውም።

ሰውየው በአፈጻጸም ላይ ገንዘቡን በሁለት ጊዜ ከፈለ፤ ሁለቱንም ጊዜ ቢሮዬ ውስጥ። እትዬ ገንዘቡን ቆጥረው ከጨረሱ በኋላ መቀነታቸውን አጠበቁና ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ደረሰኝ ጻፍለት፤ በሁለት ቅጂ። ምስክሮቹም ይፈርሙ።» ሰውየው ብዕሩን ተቀብሎ የእሱን ቅጂ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።