ቀይ መስመሩ ከመሰመሩ በፊት

የምሠራው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባለ አንድ ዱቄት ፋብሪካ የመኪና ሚዛን ላይ ነው። ስንዴ የጫነ መኪና መጀመሪያ ከነጭነቱ፣ ካራገፈ በኋላ ደግሞ ባዶውን ይመዘናል። የሁለቱ ልዩነት የስንዴው ክብደት ነው። ሥራ የሚጀመረው ከጠዋቱ 2:00 ሰዓት ሲሆን፣ ልክ በሰዓቱ በፊርማ መዝገቡ ላይ ቀይ መስመር ይሰመራል። ከመስመሩ በታች የፈረመ አርፍዷል። እኔ ለብዙ ጊዜ የኖርኩት ከመስመሩ በታች ነው።

ቤቴ አማኑኤል ነው። እናቴ ብቻዋን ናት፣ ቤቷን ለቅቃ ማርቆስ መግባትም አትፈልግም። ስለዚህ በየቀኑ እመላለሳለሁ። ባረፈድኩ ቁጥር አንድ ሰበብ እፈጥር ነበር፤ አንድ ቀን ጎማ ፈነዳ፣ ሌላ ቀን መንገድ ተዘጋ። አንድ ሐሙስ ግን አጉል ደፈርኩና የጎረቤታችንን ሽማግሌ ገደልኳቸው፤ ለቅሶ ነበርኩ አልኩ። በሳምንቱ ሽማግሌው ለከብቶቻቸው ፉርሽካ ሊገዙ በእግራቸው ፋብሪካው ግቢ ገቡ። አለቃዬ ከአማኑኤል መምጣታቸውን ሰምተው ስማቸውን ጠየቋቸው፣ ከዚያም በመስኮት በኩል እኔን አዩኝ። ምንም አላሉም። በማግሥቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ።

ማስጠንቀቂያውን ይዤ ወደ ሰው ኃይል አስተዳደር ሄድኩ። የክፍሉ ሠራተኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አውጥታ አንቀጽ 27ን አሳየችኝ። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ያረፈደ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊሰናበት ይችላል። (የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው፤ ይህ የእኛን ዓይነት የግል ድርጅት ይመለከታል።) ስምንት ቁጥር በጣም ትንሽ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

የመጀመሪያው ሐሳቤ ሄጄ ይቅርታ መጠየቅና “ከእንግዲህ አይደገምም” ማለት ነበር። እንደማይሆን ግን አውቃለሁ፤ ምክንያቱም ይህንኑ ቃል ቀደም ብዬ ሁለት ጊዜ ሰጥቼ ነበር። ስለዚህ ከመናገሬ በፊት ለሦስት ሳምንት በየጠዋቱ አራት ነገር በደብተር መዘገብኩ፤ ከቤት የወጣሁበትን፣ መናኸሪያ የደረስኩበትን፣ ሚኒባሱ የተነሣበትንና ፋብሪካው በር ላይ የደረስኩበትን ሰዓት።

ደብተሩ አሳፈረኝ። ከ18 የሥራ ቀናት 7ቱን አርፍጃለሁ። ከሰባቱ አምስቱ ሰኞና ሐሙስ ናቸው። ሰኞ ቅዳሜና እሑድን ቤተሰብ ጋር የሰነበተው ሁሉ ስለሚመለስ ግፊያ ነው። ሐሙስ ደግሞ ሚኒባሶቹ ማልደው ገበያተኛ ጭነው ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚሄዱ የቀረው አንድ መኪና እስኪሞላ 1:20 ወይም 1:25 ይሆናል። ቀሪዎቹ ሁለት ቀናት ግን የእኔው ጥፋት ነበሩ። መኪናው 12:45 ተነሥቶ ሄዷል፤ እኔ መናኸሪያ የደረስኩት 12:50 ነው። ለምን? የእናቴን ቡና እጠብቅ ነበር። አቦሉን ሳልጠጣ መውጣት ስለማልወድ እንጂ ማንም ያስገደደኝ የለም።

“ማልደህ ውጣ” የሚለው መልስ እንደሚመጣ ስለገመትኩ እሱንም ሞከርኩት። አንድ ሐሙስ ገና ጎሕ ሲቀድ 12:00 ላይ መናኸሪያ ደረስኩ። መኪናው የተነሣው 1:20 ነው። በዚያ ቀን ማልዶ መውጣት የሚያስገኘው የፊት ወንበር ብቻ ነው።

አለቃዬን ያነጋገርኳቸው በምሳ ሰዓት፣ ግቢው ጭር ሲል ነው። ጠዋት አርፍዶ ገብቶ ወዲያው ማስረዳት ራስን መከላከል ይመስላል። እሳቸው በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የቆዩ ሰው ናቸው። እኔ ስለ ትራንስፖርት ችግር በሩቁ መዞር ስጀምር ቆረጡኝ።

“ሰሙን ለስድስት ወር ሰምቻለሁ፤ ወርቁን ንገረኝ።”

“ጋሼ፣ ሰውዬው አልሞቱም። ዋሽቼዎታለሁ” አልኩ።

“እሱንማ ፉርሽካ ሸጥንላቸው” አሉ፤ ሳይስቁ።

ከዚያ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። መጀመሪያ የእኔ ጥፋት የሆኑትን ሁለት ቀናት አሳየሁ፣ ቀጥሎ አምስቱን። ቅደም ተከተሉን ያሰብኩበት ነው። ከመኪናው ብጀምር ኖሮ ቡናው በመጨረሻ ተጎትቶ የወጣ ይመስል ነበር። ለቡናው መፍትሔው የእኔው ነው፤ 12:15 ከቤት እወጣለሁ፣ አቦሉ ከደረሰ ደረሰ። ለሰኞና ለሐሙስ ግን የእሳቸውን ፈቃድ ፈለግኩ፤ በ2:30 ገብቼ በ11:30 ልውጣ። መኪናው 1:25 ቢነሣ፣ መንገዱ 45 ደቂቃ፣ ባጃጁ 10 ደቂቃ፣ 2:20 በር ላይ ነኝ። አሥር ደቂቃ ይተርፈኛል።

“እስከዚያ ሚዛኑን ማን ይከፍታል? እኔ?”

ይህን ጥያቄ የጠበቅኩት ነው፤ ቀድሜ የምርት መጋዘኑን ባልደረባዬን አነጋግሬ ነበር። የእሱ ዱቄት ጫኞች የሚመጡት 2:30 ስለሆነ መጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ባዶ ነው። ማታ ግን በመጨረሻ የሚጭኑት መኪናዎች ከ11:00 በኋላ ያቆዩታል። እሱ ጠዋት ሚዛኔን ይከፍታል፣ እኔ ማታ የእሱን መጨረሻ መኪናዎች እሸኛለሁ። እኔን ብቻ የሚጠቅም ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት ይሰለቸው ነበር።

ያላሰብኩትን ግን ጋሼ አነሡት። “ክብደት ቢጎድል ከሁለታችሁ ማንን ልያዝ?” ዝም አልኩ፤ መልስ አልነበረኝም። መልሱን ያገኙት ራሳቸው ናቸው። ስልሳ ኩንታል የጫነ አይሱዙ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ አራግፎ ባዶውን አይመዘንም፤ ስለዚህ በዚያ ግማሽ ሰዓት የሚመዘነው ከነጭነቱ ብቻ ነው። ባልደረባዬ በሚዛን ወረቀቱ ላይ ለጭነቱ ይፈርማል፣ እኔ ለባዶው። የቁልፍ ርክክቡም በመዝገብ ይሆናል። ሁለት ፊርማ ያለበት ወረቀት ሲጎድል የት ላይ እንደጎደለ ይናገራል።

ለሁለት ወር በሙከራ እንዲታይ በአንድ ገጽ ጽፈን ሦስታችንም ፈረምን። የማስጠንቀቂያው ወረቀት ከፋይሌ አልወጣም፤ እንዲወጣም አልጠየቅኩም።

በመጀመሪያው ወር ሁለት ጊዜ ከ2:30 አለፍኩ። አንዱን ቀን ያለፍኩት መኪናው እስከ 1:40 ስላልሞላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ልማድ ጨመርኩ። 1:20 ሆኖ ሁለት ወይም ሦስት ወንበር ከጎደለ፣ ተሳፋሪው ተካፍሎ የጎደለውን እንዲከፍል ቀድሜ የምጠይቀው እኔ ነኝ፤ የሚቸኩል ሰው ሁልጊዜ ይኖራል። እንደማይሆን ካወቅኩ ደግሞ 1:30 ላይ ለባልደረባዬ እደውላለሁ፤ ለጋሼ ከመደወሌ በፊት፣ ምክንያቱም ሚዛኑ ላይ የሚቆየው እሱ ነው። መንገድ ጨርሶ ሲዘጋ ግን ይህ ዝግጅት አይሠራም። እንዲህ ያለውን ቀን ከዓመት ፈቃዴ እንዲቀነስ በገጹ ላይ ጽፈነዋል።

ሁለቱ ወር አልቆ ስምምነቱ ቀጥሏል። አሁን ባልደረባዬ ማክሰኞ ማክሰኞ ቀደም ብሎ መውጣት ይፈልጋል። ጋሼ “መጀመሪያ ደብተርህን አምጣ” ብለውታል።