«እስከዚያው በምን ይሠራ?»

ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ሲስተም ልንሠራ ነበር። ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ የሚወስነውን ስኮፕ ዶክመንት መጻፍ የእኔ ድርሻ ሆነ። የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ የሚፈልጉት ብዙ ነው፦ ኦንላይን ክፍያ፣ የኤስኤምኤስ ማስታወሻ፣ ለሐኪሞች ኮከብ መስጫ። ቀጠሮ መሰረዝን ግን «እሱ ቀላል ነው፣ በኋላ ይደርሳል» ብለው አለፉት።

እንደተለመደው ሁለት ዝርዝር አወጣን፤ አንዱ ለኤምቪፒ፣ ማለትም ሥራ ለማስጀመር ለሚበቃው የመጀመሪያ ስሪት፣ ሌላው ለቀጣይ። ሁለት ዝርዝር ብቻ ሲኖር ጭቅጭቁ «ያስፈልጋል፣ አያስፈልግም» ላይ ነው። እንዲህ ከተጠየቀ ደግሞ ሁሉም ያስፈልጋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፦ ይሄ እስኪሠራ ድረስ ሥራው በምን ይሄዳል?

መልሱን የጠየቅኩት ቀጠሮ የምትመዘግበውን ልጅ ነው። ክፍያው አላሳሰባትም። «ሲመጡ ካሸሯ ጋ ይከፍላሉ፤ አሁንስ እንደዛ አይደል?» አለችኝ። ማስታወሻውንም «የነገዎቹን ስም ከነስልካቸው ካወጣችሁልኝ እኔ እደውላለሁ» አለች። ሁለቱም ወደ ቀጣይ ሄዱ። በምትኩ የነገ ቀጠሮዎችን ከነስልክ ቁጥራቸው የሚያሳይ አንድ ገጽ ኤምቪፒው ውስጥ ገባ።

መሰረዝ ጋ ስንደርስ ግን ቀና ብላ አየችኝ። «ታዲያ ሰውየው ቀረሁ ብሎ ቢደውል ሰዓቱ ተይዞ ሊቀር ነው? ደብተሩ ላይ እኮ በእርሳስ የምጽፈው ለዚህ ነው።» በእጅ የሚሠራበት መንገድ የለም ማለት ነው። መሰረዝ ኤምቪፒ ውስጥ ገባ፣ ግን ተቆርሶ። እሷ የምትጫነው ቁልፍ አሁን፣ ታካሚው ራሱ በስልኩ የሚሰርዝበት ደግሞ በኋላ።

እዚህ ላይ ፕሮግራመራችን አንድ ዓረፍተ ነገር አስጨመረ፦ ስረዛ መዝገቡን አያጠፋም፣ «ተሰርዟል» ብሎ ይይዘዋል። ከቀጣዮቹ መካከል ስንት ሰው ሰረዘ፣ ስንት ቀረ የሚል ሪፖርት ነበር። ሪፖርቱን መቼም መሥራት ይቻላል። ዛሬ የጠፋ መረጃ ግን ያኔ ከየት ይመጣል?

ኮከብ መስጫው ፊት ለፊት ምን እንደምጽፍ ሥራ አስኪያጁን ጠየቅኳቸው። አሰቡ፣ አሰቡና «ባይኖርም የሚቆም ሥራ የለም፤ ሰርዢው» አሉኝ።

«ኦንላይን ክፍያውስ መቼ ነው?» አሉ ቀጥለው። ቀን አልጻፍኩላቸውም፤ ቀን ከተጻፈ ቃል መግባት ነው። የጻፍነው ሁኔታ ነው፦ ሲስተሙ ሥራ ከጀመረ በኋላ በአንድ ወር ውስጥ ከ10 ቀጠሮ ከ2 በላይ ሰው ሳይመጣ ከቀረ፣ በኦንላይን ቅድሚያ ማስከፈል ይታሰባል። ቁጥሩን የመረጡት እሳቸው ናቸው። «ቀጣይ» ከሚለው ርዕስ ሥር ደግሞ «በዚህ ውል ዋጋና ጊዜ ውስጥ አይካተትም» የሚል መስመር አስገባሁ። ደንበኛ «ቀጣይ» የሚል ሲያይ የተከፈለበት ይመስለዋልና። ትንሽ አጉረመረሙ፤ ግን ፈረሙ።