ቅሬታው ይቆያል፣ ስድቡ ይጠፋል

ዛሬ የቴሌግራም ግሩፓችን ተረብሾ ዋለ። በርበሬና ሽሮ ለምሸጥላቸው ደንበኞች የከፈትኩት ነው። ጠዋት አንዲት እህት «የዚህ ወር ሽሮ ጨው በዝቶበታል» ብላ ጻፈች። ወዲያው ሌላ ደንበኛ ለእኔ የተቆረቆረ መስሎት ሰደባት።

እጄ መጀመሪያ የሄደው ቅሬታዋን ለማጥፋት ነበር። ግን ፒን ያደረግኩት ሕግ ግልጽ ነው፦ ስለ ዕቃው የፈለጋችሁትን በሉ፣ ሰው አትንኩ። ስድቡን አጠፋሁ፣ ቅሬታዋን ተውኩት። ሰውየውን በውስጥ መስመር አናገርኩት፤ በሰው ፊት ብቆጣው እልህ ይጋባ ነበር። ከደገመው ለአንድ ቀን መጻፍ እንደማይችልም ነገርኩት። ይቅርታ ጠየቃት። (ማስታወቂያ የሚለጥፉትን ግን ሳላስጠነቅቅ ነው የማስወጣው። ሁለት ቀን ከተተዉ ግሩፑ ገበያ ይሆናል።)

ከዚያ ሽሮውን ሠርቼ ቀመስኩት። እውነቷን ነው። «በዚህ ዙር ጨው በዝቷል፣ የወሰዳችሁ እቀይርላችኋለሁ» ብዬ እዚያው ጻፍኩ። ከሰዓት ስድስት ሰዎች «የእኔም እንደዛ ነው» አሉ። ለወራት ትንፍሽ ብለው የማያውቁ ናቸው! አንዲት እናት ደግሞ ጨው የሌለው ሽሮ እየደባለቁ እንዴት እንዳዳኑት በድምፅ ላኩ።

ነገ የምቀይረው 9 ኪሎ አለብኝ።