ሥራ ላይ ያለን ሰው ሰላም ማለት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ቤት ለቤት እየዞርኩ መጠይቅ መሙላት እንጀራዬ ከሆነ ቆይቷል። አሁን የምሠራው በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ነው። እንደኔ መስክ የምትወጡ ታውቁታላችሁ። የምንፈልገው ሰው ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነው። ወይ እርሻ ላይ፣ ወይ ምጣድ ላይ፣ ወይ መሪ ጨብጦ። ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ቆሞ እንደ ወጉ ሰላምታውን መደርደር ደግሞ ሥራ ማስፈታት ነው። ሰሞኑን ግን አንዲት እናት እንጀራቸውን ሳያቋርጡ፣ እኔም ሳላፍር ሰላም ተባብለን ስላለፍን ደስ ብሎኛል። እስካሁን ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ላይ ያለው ብዙም አያስወራም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ወይ «ሰላም ነው?» ብሎ ያልፋል፣ ወይ እጁን ይዘረጋል። ሁለቱም ገጠር ላይ አይሠሩም። የመጀመሪያው ያጥራል፣ ሁለተኛው ሥራ ያስጥላል። ቀጥሎ የለየሁት ጥያቄውንና ምርቃቱን ነው። «እንዴት ዋልክ?» ጥያቄ ነው። መልስ ይፈልጋል፤ መልሱ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። «እግዜር ይመስገን፣ አንተስ? ቤተሰብ ደህና? ልጆች? ከብቱስ?» እያለ ይሄዳል፤ መሀል ላይ ማቆም ደግሞ ከንቀት ይቆጠራል። «በርቱ!» ወይም «እግዜር ያበርታችሁ!» ግን ምርቃት ነው። «አሜን፣ አብሮ ያበርታን» ሲባል ያልቃል። ማንም ማንንም አልቆረጠም። ሥራ ላይ ላለ ሰው ምርቃት እንጂ ጥያቄ አይሰነዘርም ባይ ነኝ፤ በዚህ ማንም አይከራከረኝ።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ልምጣ። እኔን ለረጅም ጊዜ የያዘኝ ምጣድ ነው።

እንጀራ የምትጋግር ሴት ለምን እንደምትከብድ ለማወቅ አንድ እንጀራ ሲጋገር ከዳር እስከ ዳር ማየት ያስፈልጋል። ምጣዱ ይጋልና በማሰሻ ይወለወላል። ከዚያ ሊጡ በዕቃ ተይዞ ከዳር ጀምሮ በክብ እየዞረ ወደ መሀል ይፈስሳል። ይህ እጅ መቆም የለበትም። ለአፍታ ከቆመ እዚያ ቦታ ላይ ሊጡ ይከማቻል፤ እንጀራው አንድ ጎኑ ወፍሮ ሌላው ይሳሳል። ቀጥሎ ዓይን እስኪያወጣ ይጠበቃል። ይህችም ትንሽ ጊዜ ናት፤ ግን ጋጋሪዋ ዓይኗን ከምጣዱ አታነሳም። ዓይኑ ሲሞላ አክንባሎው ይደፋል። አንድ ሁለት ደቂቃ በእንፋሎት ይበስላል። ከዚያ ይከፈትና በሰፌድ ይወጣል። ሳይወጣ ከቆየ ዳሩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃልም።

እንግዲህ ቁጠሩት። ሲዞር አይቻልም። ዓይን ሲያወጣ አይቻልም። ሲወጣም አይቻልም፤ ሁለቱም እጅ ሰፌዱና እንጀራው ላይ ነው። የሚቀረው አክንባሎው ተደፍቶ ያለው ጊዜ ብቻ ነው። ያም ቢሆን ባዶ ጊዜ አይምሰላችሁ። በእንጨትና በኩበት ሲጋገር እሳቱ የሚስተካከለው ያኔ ነው፤ ጭራሮው ይገፋል፣ አመዱ ይጠረጋል። ቢሆንም አፍ ነፃ ነው፤ ለአንድ ምርቃትና ለአንድ አሜን ይበቃል።

ችግሩ ከውጭ ሆኖ ይህን ሰዓት ማወቁ ነው። ማድ ቤቱ ጨለማ ነው፣ በጭስ ተሞልቷል። በራፉ ላይ ስትቆሙ ብርሃኑ ከጀርባችሁ ስለሆነ እናንተ ለእሷ ጥላ ናችሁ። ማን እንደሆናችሁ ለማየት ቀና ማለት ግድ ይሆንባታል። ግቢው ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ መጣራትም ያው ነው፤ «ቤቶች» የተባለ ሰው ወጥቶ ማየት አለበት። ለአላፊ የተፈቀደ ጥሪ ነው፤ ለምጣድ ግን አይሆንም።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከበሩ ትይዩ አልቆምም፤ ወደ ጎን ፈንጠር እላለሁ። ብርሃኑን አልጋርድም፣ ጭሱም መውጫ ያገኛል። ከዚያ እሰማለሁ። ሊጥ የጋለ ምጣድ ላይ ሲፈስስ ቺስ የሚል ድምፅ አለው፤ እሱ ሲሰማ አፌን እዘጋለሁ። ትንሽ ቆይቶ አክንባሎው ምጣዱን ሲነካ ደግሞ ሌላ ድምፅ ይሰማል። የምናገረው ያኔ ነው። «በርቱ እማማ፣ የቀበሌው መጠይቅ የሚሞላው ልጅ ነኝ፤ እጅዎን ይባርከው፤ ሲጨርሱ እመለሳለሁ።» ማንነቴ አለ፣ ምርቃት አለ፣ ለመነሳት እንዳይቸኩሉም «እመለሳለሁ» አለ። ሦስቱ ካልተሟሉ አይሠራም። ማንነት ካልተነገረ ቀና ይላሉ። «እመለሳለሁ» ካልተባለ ደግሞ እንግዳ ደጅ ቆሞ እንጀራ አይጋገርም ብለው እሳቱን ትተው ይነሳሉ።

ሰሞኑን የተሳካልኝ ቤት እንዲሁ ነበር። «አሜን ልጄ፣ አብሮ ያበርታን» አሉኝ፤ ድምፃቸው ከጭሱ ውስጥ መጣ። ፊታቸውን እንኳ አላዞሩም። እኔም ፊታቸውን ሳላይ ሄድኩ። ጎረቤት ያለውን ቤት ጨርሼ ስመለስ እንጀራው ከመሶብ ገብቷል፣ በርጩማ ወጥቷል። ያኔ «እንዴት ዋሉ?» ተባለ፤ ልጆቹም፣ ከብቱም፣ ገብሱም በየተራ ተጠየቁ። ጥያቄው አልቀረም፤ የዘገየ ብቻ ነው።

ሰዓቱ ቢሳትስ? አንዳንዴ ያየችኝ ሴት ሊጥ በነካው እጇ ልትጨብጠኝ ትነሳለች። እጇ ሊጥ ስለሆነ የእጇን አንጓ ትዘረጋለች። እዚህ ላይ «አይ ይቅር» ብሎ እጅ መሰብሰብ በጣም መጥፎ ነው፤ እጇን የተጸየፋችሁ ይመስላል። አንጓዋን ቀለል አድርጎ ይዞ ቶሎ መልቀቅ ነው። ሳትነሳ በፊት ከደረስኩ ግን ቀድሜ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ እላለሁ። ይህን በ2012 ኮሮና ሲገባ መጨባበጥ የቀረ ጊዜ ለመድነው፤ ብዙው ሰው ወደ መጨባበጡ ሲመለስ እኔ አልተውኩትም። እጅ የማይሰጥ፣ እጅም የማይጠይቅ ሰላምታ ነው። ለሥራ ሰው ከእሱ የተሻለ አላየሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው እንጀራ፣ ማሟሻው፣ ላይ ከደረሳችሁ ጨርሶ አትናገሩ። እሳቱ ገና አልተስተካከለም፣ ምጣዱም አልሟሸም፤ ጋጋሪዋም ደስ አላላትም። ዞር ብሎ መመለስ ይሻላል። በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋገርበት ከተማ ላይ ይህ ሁሉ ይቀላል፤ እሳት መጠበቅ የለም፣ ጭስም የለም። ሲዞር ዝም ማለቱ ግን እዚያም ያው ነው።

እርሻ ከምጣድ ይቀላል። ገበሬው በአንድ እጁ እርፉን ይዟል፣ በሌላው ጅራፉን። ዓይኑ ትልሙ ላይ ነው። ከፊት ለፊት ከመጣችሁ በሬዎቹ ይበረግጋሉ፤ በተለይ ጥንዱ ገና ያልተላመደ ከሆነ። ከኋላም አይኬድ፤ እሱ ዞሮ ሲያይ ማረሻው ትልሙን ይስታል። እኔ ከጎን፣ ወሰኑ ላይ ሆኜ፣ ሊያየኝ በሚችልበት ቦታ እጠብቃለሁ። ጥንዱ እርሻው ጫፍ ደርሶ ሲዞር እርፉ ከፍ ይላል፣ በሬዎቹም ቀስ ይላሉ። «እግዜር ያበርታህ!» የሚባለው ያኔ ነው፤ ጮክ ተብሎ። እርሻ ላይ በለሆሳስ የተባለ ሰላምታ ከጥያቄ ይብሳል፤ «እ?» ብሎ በሬዎቹን ያቆማል። የቀረው ወሬ በሬ ሲፈታ ይደርሳል። በደቦ ከሆነ ደግሞ አንድ «በርቱ!» ለሁሉም ይበቃል። እየዞሩ አንድ በአንድ መጨበጥ የሚወዱ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። አክብሮት ይሉታል። እኔ ማዘግየት እለዋለሁ። አጫጅ በረድፍ ሲሄድ አንዱ ከቆመ ረድፉ ይበላሻል።

ሾፌር ላይ ግን ተሸንፌአለሁ። የማላውቀው ሾፌር ችግር የለበትም። ስገባ አንዴ «ሰላም» እላለሁ፣ እሱ በመስታወቱ አይቶ ራሱን ይነቀንቃል፣ አለቀ። ሾፌሮች እርስ በርስ እንዲያውም የተዋጣላቸው ናቸው፤ ከመሪው ሳይለቁ መዳፋቸውን ብቻ ያነሳሉ፣ ወይም አንድ አጭር ጥሩምባ። ያስቸገረኝ የማውቀው ሾፌር ነው። እሱ ምርቃት አይበቃውም። «በርታ» ስለው «ምነው ጠፋህ?» ይላል። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ ያዞራል። ከዚያ እጁን ይሰጠኛል። ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ስትወርዱ ከባድ መኪናው ተሰልፎ ነው የሚመጣው፤ እኔ መንገዱን እያየሁለት እሱ የእናቴን ጤና ይጠይቀኛል። ዝም ስለው ደግሞ የተቀየምኩ ይመስለዋል፤ የበለጠ ይዞራል።

ብዙ ሞክሬአለሁ። አጭር መልስ መስጠት አልሠራም፤ «ምን ሆነሃል?» ያመጣል። ስልክ የማወራ መምሰልም አልሠራም፤ ጨርሼ እስክዘጋ ይጠብቀኛል። ትንሽ የረዳኝ መኪናው ሳይነሳ፣ ረዳቱ ገና ሰው እየጠራ፣ በመስኮቱ በኩል ሄጄ ሙሉውን ሰላምታ መጨረስ ነው፤ እጁንም፣ ቤተሰቡንም፣ መጥፋቴንም። ሂሳቡ እዚያው ይዘጋል። ይህም ግን መናኸሪያ ላይ እንጂ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ አይሆንም። መንገድ ላይ አቁሞ ከጫነኝ ጋቢናው ባዶ ቢሆንም፣ ወገቤ ቢያመኝም፣ «እዚህ ና እንጂ!» እያለ ቢለምነኝም የመጨረሻው ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። የተሻለ መላ ያላችሁ ንገሩኝ።