«ሽ» ሰምቶ «ዎ» መመለስ

ዛሬ ማለዳ የወንድሜን ልጅ መሐል ሜዳ ድረስ ሄጄ አውቶቡስ ላይ አሳፍሬ ተመለስኩ። ቤቱ ጭር ብሏል። እናቴ ባናዋን ደርባ ምድጃው ዳር ተቀምጣለች። እኔ ደግሞ ሳይጠፋኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

ልጅቷ 14 ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው ውጭ አገር ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ ትናገራለችም፤ እቤታቸው የለመደችው ግን «ደህና ነሽ?» «ደህና» ነው፣ በቃ። ከጳጉሜን መጨረሻ እስከ መስቀል ማግስት እዚህ መንዝ እናቴ ዘንድ ከረመች፤ መስከረም ደግሞ ሰው ሁሉ ቤት ለቤት እየሄደ «እንኳን አደረሰህ» የሚባባልበት ወር ነውና ሰላምታው እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደባት።

በዕንቁጣጣሽ ጠዋት የመጀመሪያዋ ጎረቤት ገብታ «እንኳን አደረሰሽ!» አለቻት። «አመሰግናለሁ» አለች። ጎረቤታችን ፈገግ ብላ ቆመች። አልሄደችም፣ አልተቀመጠችም። የሚቀር ነገር አለ። እናቴ ከወዲያ «እንኳን አብሮ አደረሰን በይ እንጂ ልጄ» አለቻት፤ ልጅቷም ደገመችው፣ ሴትዮዋም ተቀመጠች። በሁለተኛው ቀን ማንም ሳይነግራት ትመልስ ነበር።

ይሄ ለምን እንዲህ ቶሎ ገባት፣ ሌላውስ ለምን ከበዳት ብዬ ሰሞኑን ሙሉ ሳስብ ነው የከረምኩት። አሁን የገባኝ ይመስለኛል። ነገሩ መጨረሻዋ ፊደል ላይ ነው። ጥሪው «አደረሰህ»፣ «አደረሰሽ»፣ «አደረሰዎ»፣ «አደረሳችሁ» እያለ እንደ ሰው ይለዋወጣል። መልሱ ግን ያው ነው፣ «አደረሰን»። ለሕፃንም ለሽማግሌም «እንኳን አብሮ አደረሰን» ነው የሚባለው፤ ምኞቱ ለኔ ብቻ ተሰጥቶኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ «አብሮ» ብዬ ሰጪውንም ከተትኩበት። «እግዜር ይስጥልኝ» ሲሉን «አብሮ ይስጠን» ማለታችንም እንደዚያው ነው። ማን እንደሆነ፣ በአንቱ ይሁን በአንቺ ሳታስብ አንዴ ከያዝከው ለሁሉም ይሠራል።

ልጅቷም ያዘችውና ያለቦታው ወሰደችው። ከገበያ ስንመለስ እናቴ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ስትለን በደስታ «እንኳን አብሮ መጣን!» አለች። ስህተት ነው፣ ግን ደንቡን ፈልጋ ያገኘች ልጅ ስህተት ነው። እዚህ ላይ መልሱ «እንኳን ደህና ቆያችሁ» ነው፤ የመጣው ለመጣው ሳይሆን የመጣው ለቆየው ይመኛል። ግሡም ይለወጣል፣ ሰውም ይለወጣል። ለእናቴ ብቻዋን ሲሆን ደግሞ «ቆየሽ» ነው፣ የማናውቃት ትልቅ ሰው ከሆነች «ቆዩ»።

ማስነጠስ ነው ያስቸገራት። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ማታ ማታ እሳት ሊሞቁ ይመጣሉ። ልጅቷ ብርዱን አልለመደችውምና ቶሎ ቶሎ ታስነጥሳለች። «ይማርሽ» ይሏታል። መልሱ «ያኑር» መሆኑን ነግረናታል፣ እሷም «ያኑርሽ» ትላቸዋለች! ሽማግሌው ምንም አላሉም፣ እናቴ ግን ደነገጠች። እስቲ በልጅቷ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ጆሮዋ ላይ የሚወርደው ሁሌም «ሽ» ነው፤ ታናሽ ናት፣ ሴት ናት፣ ለሷ በ«ሽ» ያልተነገረ ነገር የለም። ከአፏ መውጣት ያለበት ደግሞ «ያኑርዎ» ነው። የሰማችውን ብትደግም ትሳሳታለች። የምትፈልገውን ቃል ለሷ ብሎ የሚነግራት ሰው ደግሞ የለም።

እኔ ከእናቴ ትማራለች ብዬ ነበር። አጠገቧ አስቀምጬ «አያትሽ የምትመልሰውን ስሚ» እላት ነበር። አልሆነም። እናቴ በዚህ ሰፈር ታላቅ ናት፣ መልሷ ለታናናሾች ነው፣ «ያኑርህ ልጄ» ነው የምትለው። ልጅቷ እሷን ብትቀዳ የ14 ዓመት ልጅ ሆና እንደ አሮጊት ልትመልስ ነው።

ያስተማራት የጎረቤት ልጅ ነው። ስምንት ዓመቱ ነው፤ እሳት ሊጭር፣ ወንፊት ሊዋስ ሲላክ በቀን ሦስት አራቴ ደጃችን ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። እሱ እንደሷ ታናሽ ነው። የሚሰማው «ህ»፣ የሚመልሰው «ዎ» ነው። አንድ ማታ ቆሎ ሲበላ አስነጠሰው። ሽማግሌው «ይማርህ» አሉት፣ እሱም ቆሎውን ሳይውጥ «ያኑርዎ» ብሎ መብላቱን ቀጠለ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፣ ለራሷ እያለችው ነበር። ከዚያ ማታ ወዲህ አልተሳሳተችም።

ቤተ ክርስቲያን የሚባለውን ደግሞ ድሮውንም ታውቀዋለች፣ ይሄም ገርሞኛል። ግዕዝ አንድ ቃል አይገባትም፤ ግን «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ብትላት «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብላ እስከ «ፍሥሐ ወሰላም» ትወርደዋለች። ለካህንም ለልጅም አይለወጥማ፣ ሙሉውን ውጦ መያዝ ነው።

«ኖር» ላይ ችግሩ ቃሉ አልነበረም፣ ፍጥነቱ ነበር። ከእናቴ ጋር ለቅሶ ልንደርስ አንድ ቤት ገባን። የተቀመጠው ሁሉ «ኖር!» እያለ ብድግ ማለት ጀመረ። እናቴ ጫማዋ ደፉ ላይ ተይዞባት ወደኋላ ቀርታለች፣ ፊት የገባችው ልጅቷ ናት። አንድ አዛውንት ዱላቸውን ተደግፈው ከመደቡ ግማሽ ድረስ ተነስተው እንዲያው ቀሩ፣ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። «በእግዜር» ካልተባሉ አይቀመጡም። «በእግዜር፣ በእግዜር፣ አይነሱ» አልኩ እኔ እጄን ዘርግቼ፣ ያኔ ቁጭ አሉ። ልጅቷ ማታ «ቶሎ ባለማለቴ ነው የደከሙት?» አለችኝ። አዎ ነው። እሱን ነው ያልኳት።

አንድ ነገር ሳይዋጣላት ሄደች። ዛሬ ሌሊት እናቴ ስትመርቃት «አሜን»ን አስቀደመችባት። እናቴ ስትመርቅ ትንፋሽ ትወስዳለች፤ «ከክፉ ዓይን…» ብላ ቆም ስትል ልጅቷ «አሜን!» አለች። «ይጠብቅሽ» ገና አልተባለም። አማርኛችን ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣልና አሜኑ ክፉ ዓይኑ ላይ ወደቀ። እናቴ እጇን ይዛ ከመጀመሪያው ጀመረችላት፤ «ከክፉ ዓይን ይጠብቅሽ»፣ አሜን፤ «በሰላም ያግባሽ»፣ አሜን፤ «እደጊልኝ»፣ አሜን። አሁን ደግሞ ቀስ እያለች ነው፣ ግሡን በጣቷ እጇ ላይ መታ እያደረገች።

መንገድ ላይ «ሲያቆሙ አትዪ፣ ይ ሲሉ ጠብቂ» አልኳት። «ይ ከዚያ ግሡ፣ ከዚያ አሜን» ብላ ደገመችው። «እደጊልኝ ግን ይ የለውም» አለችኝ ቀጥላ። እውነቷን ነው። አውቶቡሱ መጣና ሳልመልስላት ገባች።