አራት ከአምስት

ባለፈው እሑድ እናቴ ቤት ቡና እየተፈላ ሳለ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የእህቴ ልጅ አንድ የሎጂክ እንቆቅልሽ ይዛ መጣች። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ትክክለኛውን መልስ ካላገኘሁ የቤቱን ሲኒ ሁሉ እኔ ላጥብ ተወራረድን። የምተዳደረው የሰው ሒሳብ በመመርመር ስለሆነ፣ ከሕፃን ጋር እንዲህ ያለ ውርርድ መግባቴ ግፍ መስሎ ታይቶኝ ነበር።

እንቆቅልሹ ይህ ነው። ከበደ፣ በላይነሽ፣ ጫልቱ፣ ደረጀና እልፍነሽ ታክሲ ለመሳፈር ተሰልፈዋል። ከበደ ከሰልፉ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ ነው። በላይነሽ ከጫልቱ ኋላ፣ በመካከላቸው ማንም ሳይገባ ቆማለች። ከደረጀ ፊት የቆሙት ሰዎች ቁጥር ከኋላው ከቆሙት ጋር እኩል ነው። እልፍነሽ ከደረጀ ቀድማ ቆማለች። ከበደና በላይነሽ ተከታትለው አልቆሙም።

የደረጀ ነገር ወዲያው ገባኝ፤ በአምስት ሰው ሰልፍ ፊትና ኋላው እኩል የሚሆንለት ሦስተኛው ሰው ብቻ ነው። ጫልቱና በላይነሽ ተያይዘው የሚቆሙ በመሆናቸው ወይ አንደኛና ሁለተኛ ናቸው፣ ወይ አራተኛና አምስተኛ። እኔም ከሁለቱ የመጀመሪያውን ያዝሁ። ለምን እርሱን እንደያዝሁ ብጠየቅ፣ ቀድሞ የመጣልኝ እርሱ ስለሆነ ከማለት በቀር መልስ የለኝም። ከበደ መጨረሻ ላይ ሄደ፣ በቀረችው ቦታ እልፍነሽ ገባች፤ ሰልፉም ጫልቱ፣ በላይነሽ፣ ደረጀ፣ እልፍነሽ፣ ከበደ ሆነ። ከዚያም ወረቀቱን ገልብጬ፣ ፍንጮቹን በቃሌ እያስታወስሁ አምስት ጊዜ የ«ልክ ነው» ምልክት አደረግሁና ድሌን አወጅሁ።

ልጅቱ አልተከራከረችም። አምስት ንጹሕ ሲኒዎች ከረከቦቱ አንሥታ በሰልፉ ቅደም ተከተል ደረደረች፤ በእያንዳንዱም ሥር ስም የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት አስገባች። ቀጥላም ወረቀቱን ገልብጣ ፍንጮቹን አንድ በአንድ፣ ጣቷን በሲኒዎቹ ላይ እያሳረፈች ታነብ ጀመር። ሦስቱ አለፉ። አራተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷ ደረጀ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ እልፍነሽ ከደረጀ ኋላ ናት እኮ።»

እኔ በቃሌ የያዝሁት «እልፍነሽና ደረጀ ተከታትለው ቆመዋል» የሚል፣ ከወረቀቱ ላይ ጨርሶ የሌለ ፍንጭ ነበር። ሰልፌን አይቼ ፍንጩን አስታወስሁ እንጂ ፍንጩን አንብቤ ሰልፌን አልመረመርሁም። አንድ የሒሳብ ሹም ደረሰኝ ሳያይ ምልክት ቢያደርግ ምን እንደምለው እኔ ነኝ የማውቀው።

«አራቱ ልክ ከሆኑ አንዷ ምን አላት!» ብዬ የእልፍነሽንና የደረጀን ሲኒ በፍጥነት አቀያየርኋቸው። አራተኛው ፍንጭ ተስተካከለ። ከበደና በላይነሽም አሁንም አልተከታተሉም። አምስተኛው ፍንጭ ምንም ባደርግ የሚስማማልኝ በመሆኑ ልቤን ያሳበጠው እርሱ ሳይሆን አይቀርም። ልጅቱ ግን ከአራተኛው በመቀጠል ፈንታ ከአንደኛው ጀምራ እንደገና አነበበች፤ ሦስተኛው ላይም ከደረጀ ፊት ሦስት ሲኒ፣ ከኋላው አንድ ሲኒ ቆጠረች። አንዱን ሳቃና ቀድሞ የቀናውን አጣምሜዋለሁ።

በዚህ መካከል እናቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና፣ «ያቺን እልፍነሽ አሁንም አሁንም የምታንገላታት ምን አድርጋህ ነው?» አለችኝ።

ስሕተቱ ከሁለቱ ሲኒዎች እንዳልነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ደረጀ ከመካከል ንቅንቅ ስለማይል፣ እልፍነሽ ልትቀድመው የምትችለው ጫልቱና በላይነሽ የፊቱን ቦታ ሲለቁላት ብቻ ነው፤ ማለትም ያለ ምክንያት ወደያዝሁት ወደዚያ ምርጫ ተመልሼ ጥንዱን ወደ ኋላ መውሰድ ነበረብኝ። ሲኒዎቹን አፍርሼ እንደገና ስደረድር ከበደ፣ እልፍነሽ፣ ደረጀ፣ ጫልቱ፣ በላይነሽ ሆነ። በዚህ ጊዜ ወረቀቱን በእጄ ይዤ አምስቱንም ከላይ እስከ ታች አነበብሁ። ከበደ ዳር ነው፤ በላይነሽ ከጫልቱ ኋላ ናት፤ ከደረጀ ፊት ሁለት፣ ከኋላው ሁለት፤ እልፍነሽ ቀድማዋለች፤ ከበደና በላይነሽ የሰልፉ ሁለት ጫፍ ናቸው። ሌላ መልስ ይኖር እንደሆነም ፈለግሁ፤ ጥንዱ ከፊት ሲሆን እልፍነሽ የግድ ከደረጀ ኋላ ትወድቃለችና የለም።

ቀና ስል ሦስተኛው ቡና ተጠጥቶ አልቆ ነበር። እጅጌዬን ሰብስቤ ሲኒ እያጠብሁ ሳለሁ እናቴ ዐሥራ አንደኛውን ሲኒ አቀበለችኝና፣ «ለመሆኑ ታክሲው መጣላቸው?» ስትል ጠየቀችኝ።