የቦይለሩ ቀይ መብራት

«ልጄ፣ ቦይለሩ እኮ አልጠፋም፤ ቀዩ መብራት እንደበራ ነው» አለችኝ እናቴ ዛሬ ጠዋት። ለቤታችን የሠራሁት ቻትቦት ግን ማጥፋቱን ስልኬ ላይ ጽፎልኝ ነበር።

መዝገቡን ከፍቼ አየሁ። ትእዛዙ የቤቱን መሣሪያዎች ወደሚቆጣጠረው ሶፍትዌር፣ ወደ ሆም አሲስታንት፣ በትክክል ሄዷል፤ የቦይለሩ ማብሪያ ማጥፊያ ግን ከዋይፋይ ተቋርጦ ነበር። ሥርዓቱ የተቋረጠን መሣሪያ ዘልሎ ያልፋል እንጂ ስሕተት አይመልስም። የመጣው ምላሽ ይኸው ነው፦

```
200 OK
[]
```

ባዶው ቅንፍ ምንም እንዳልተለወጠ ይናገራል። ከቻትቦቱ ጀርባ ያለው የቋንቋ ሞዴል ግን ጥያቄው ያለ ስሕተት መስተናገዱን ብቻ የሚገልጸውን 200 ሲያይ ሥራው ተሳክቷል ብሎ ይደመድማል። አስቸጋሪው ነገር፣ አስቀድሞ የጠፋ መሣሪያም ይህንኑ ባዶ ቅንፍ መመለሱ ነው፤ ስለዚህ ቅንፉን ብቻ አይቶ መለየት አይቻልም።

አሁን ትእዛዙ ከተላከ ከ2 ሰከንድ በኋላ የመሣሪያውን ሁኔታ እንደገና አንብቦ ለሞዴሉ የሚያቀብል ኮድ ጨምሬአለሁ። `off` ካለ ጠፍቷል፤ `unavailable` ካለ ቻትቦቱ ማብሪያው ጋር መድረስ እንዳልቻለ በግልጽ ይጽፋል። እናቴ ብቻዋን በምትውልበት ቤት ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

አንድ ክፍተት ግን ይቀራል። የማብሪያው የውስጥ መገናኛ ብረት በሙቀት ከተጣበቀ፣ `off` እየተባለም ኤሌክትሪክ ያልፋል። ይህን ለቻትቦቱ ሊያሳየው የሚችለው የሚሳበው ዋት ስለሆነ፣ ዋት የሚለካ ማብሪያ ማጥፊያ ለመግዛት ነገ እወጣለሁ።